ስለ ያልተማከለ አስተዳደር የጻፋችሁትን ተርም ፔፐር መምህር እንዲያዩላችሁ ደብዳቤ ስትጽፉ

ተርም ፔፐሩ በረቂቅ ደረጃ አልቋል እንበል። ርዕሱ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ማሻሻያ ነው። ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ከዚያ በፊት መምህሩ አይተው አንድ ነገር ቢሉ ጥሩ ነበር። ብዙ ተማሪ ታዲያ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ተርም ፔፐሬን አያይዤ ልኬያለሁ። እባክዎ ኮሜንት ይስጡኝ። አመሰግናለሁ።»

ትህትና አልጎደለውም። ግን መምህሩ በዚህ ምን ያድርጉ? ሃያ ገጽ ከፍተው የቱ ጋ እንደሚያተኩሩ አያውቁም። ሌላ ክፍል ፈተና ያርማሉ፤ የሚያማክሯቸው ተመራቂዎች አሉ። ስለዚህ መግቢያውን ያዩና መደምደሚያውን ገረፍ አድርገው «ጥሩ ነው፣ ጥልቀት ጨምርበት፣ ማጣቀሻህን አስተካክል» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ለየትኛውም ወረቀት ይሆናል። የተጠየቁትም ለየትኛውም ወረቀት የሚሆን ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከደብዳቤው ሳይሆን ከረቂቁ ነው። ደብዳቤው ውስጥ የሚገባውን ጥያቄ መጀመሪያ ከወረቀታችሁ ፈልቅቃችሁ ማውጣት አለባችሁ። በዚህ ርዕስ ላይ ደግሞ ወረቀት የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ።

1. ረቂቁን ሥልጣን፣ ገንዘብ፣ ሰው በሚል ፈትሹ

ያልተማከለ አስተዳደር ላይ የሚጻፍ የተማሪ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «ሥልጣን ወደ ታች ወርዷል» ይልና ያልፋል። የቱ ሥልጣን? ለማን? በምን ገንዘብ? ረቂቃችሁን ይዛችሁ በእነዚህ ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ ሂዱበት። መልስ ያጣችሁበት መስመር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ደብዳቤው የሚጻፈው ስለዚያ ምልክት ነው።

ከሥልጣኑ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይናገራል። «በቂ» ምን ያህል እንደሆነ ግን አይዘረዝርም። የወረዳን ምክር ቤትና አስተዳደር የሚያቋቁሙት የክልል ሕገ መንግሥታት ናቸው። ለምሳሌ የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወጥቷል። ወረቀታችሁ ስለ ወረዳ እያወራ የሚጠቅሰው የፌዴራሉን ብቻ ከሆነ፣ ሕጉን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተዋችሁት። ይህን መምህሩን ሳትጠይቁ ራሳችሁ አስተካክሉት። መልሱን ራሳችሁ ልታገኙት የምትችሉት ነገር ደብዳቤው ውስጥ ቦታ አይያዝ።

ከባዱ ጥያቄ ከሕጉ ቀጥሎ ይመጣል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለማን ነው ተጠሪው? ለወረዳው አስተዳደር ነው። በጀቱን የሚያጸድቀውም የወረዳው ምክር ቤት ነው። ነገር ግን እቅዱና ሪፖርቱ ወደ ዞንና ወደ ክልል ትምህርት ቢሮም ይወጣል፤ የሙያ መመሪያም ከዚያ ይወርዳል። ሁለት አለቃ አለው ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ? የተመረጠ የአካባቢ ምክር ቤት ራሱ የሚወስን ከሆነ ዲቮሉሽን ነው። የማዕከሉ ሠራተኛ ወረዳ ላይ ተቀምጦ የላይኛውን ትእዛዝ የሚፈጽም ከሆነ ዲኮንሰንትሬሽን ነው። ወረዳው ሁለቱም አለበት። ወረቀታችሁ አንዱን መርጦ ምክንያቱን ካልጻፈ፣ የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ነው።

የተመረጠ ምክር ቤት ስንል አንድ ነገር ልጨምር። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዷል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ግን ተላልፏል። ወረቀታችሁ ከ2010 በኋላ ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ከሆነና «ምክር ቤቱ ለመራጩ ተጠያቂ ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ይህችን እውነት ሳታነሱ ማለፍ አትችሉም።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። ብዙ የሚያስጽፈው እሱ ነው። ማሻሻያው መጀመሪያ በአራት ክልሎች ማለትም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ሥራ ላይ ሲውል ዋናው አዲስ ነገር ጥቅል በጀት ነበር። ክልሉ ለእያንዳንዱ ወረዳ በቀመር የተሰላ ገንዘብ በጥቅሉ ይሰጣል። ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና እያለ የሚደለድለው ወረዳው ነው። ቀመሩ መጀመሪያ ላይ የሕዝብ ብዛትን፣ የልማት ደረጃንና ገቢ የመሰብሰብ ጥረትን የመሳሰሉ መለኪያዎች ይዞ ነበር።

በወረቀት ላይ ሲታይ ትልቅ ሥልጣን ነው። ግን ለምሳሌ ያህል አንድ ወረዳ 100 ብር ደረሰው እንበል። ከዚያ 85ቱ ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያና ለግብርና ሠራተኛ ደመወዝ ይሄዳል። የደመወዝ እርከኑን የወሰነው ወረዳው አይደለም። መምህር ቀንሶ መንገድ ልሥራ ማለትም አይችልም። ቀሪው 15 ብር ለሥራ ማስኬጃና ለካፒታል ነው። ወረዳው እውነት የመረጠው በዚያች 15 ብር ነው። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ መሄዱ ግን በሰፊው የታወቀ ነው። ስለዚህ «ወረዳው በጀቱን አጸደቀ» እና «ወረዳው በበጀቱ ላይ ወሰነ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች አንድ አይደሉም። ረቂቃችሁ ውስጥ የትኛው ቦታ ላይ ሁለቱን እንዳምታታችሁ ፈልጉ። አምታታችኋል፤ ሁላችንም እናምታታለን።

ስለ ሰዉ ብዙ አልልም። በማሻሻያው ጊዜ ከዞን ወደ ወረዳ ባለሙያ ተዛውሯል። በጀት የሚያቅድና ሒሳብ የሚዘጋ ሰው በሌለበት ወረዳ ሥልጣኑ መውረዱ ብቻ ብዙ አይለውጥም። ረቂቁ ይህን በአንድ አንቀጽ ካነሳ ይበቃል።

2. የቁጥሩን ወጥመድ እዩ

ከሦስቱ ውጭ ያለ አንድ ሌላ ቦታ አለ። ለደብዳቤ ምርጥ ጥያቄ የሚገኝበትም ይመስለኛል። ተማሪው የአንድ ወረዳ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቁጥር ከ1990 እስከ 2000 ዓ.ም. ይሰበስባል። ከ1995 በኋላ ቁጥሩ ጨምሯል። ከዚያ «ያልተማከለ አስተዳደር የትምህርት ተሳትፎን አሳደገ» ብሎ ይደመድማል።

ያ ጊዜ ግን ብዙ ነገር አንድ ላይ የተለወጠበት ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ አድርጓል። የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1990 ዓ.ም. ጀምሯል። የተማሪው ቁጥር ወረዳው ጥቅል በጀት ከማግኘቱ በፊትም ሽቅብ እየሄደ ነበር። ታዲያ ከ1995 በኋላ ከታየው ጭማሪ የማሻሻያው ድርሻ የቱ ነው? ከአንድ ወረዳ የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ቁጥር ይህን መለየት አይቻልም።

መለየት የሚፈልግ ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል። ማሻሻያው ዘግይቶ የደረሳቸው ክልሎች አሉ፤ አፋርና ሶማሌን መጥቀስ ይቻላል። እነሱን ከአማራ ወይም ከኦሮሚያ ወረዳ ጋር ማስተያየት ግን የራሱ ጣጣ አለው። የአርብቶ አደር አካባቢ ትምህርት ቤት ሌላ ችግር ነው ያለበት። ለተርም ፔፐር ያለው ብልህ መውጫ ጥያቄውን ማጥበብ ነው። «ተሳትፎ አሳደገ ወይ?» የሚለውን ትታችሁ «የወረዳው የበጀት ድልድል ከማሻሻያው በኋላ በምን ተለወጠ?» ትላላችሁ። ይህኛው በአንድ ወረዳ ሰነድ ሊመለስ ይችላል። ማጥበቡ ለኮርሱ ይበቃ እንደሆነ ግን የሚያውቁት መምህሩ ናቸው። ደብዳቤው ውስጥ የሚገባ ጥያቄ ተገኘ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ አጣሩ፤ የዘመን አቆጣጠሩን። የ1995 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 1994 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 2002/03 ይሆናል። ተማሪው ከወረዳው ያገኘውን በእኛ አቆጣጠር፣ ከውጭ ሪፖርት ያገኘውን ደግሞ በፈረንጅ ይዞ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲያስገባ ረድፉ በአንድ ዓመት ይንሸራተታል። ምልክቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ምንጮች የሚሰጡት ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ በአንድ ዓመት ተራርቆ ከታየ፣ የተሳሳተው ቁጥሩ ሳይሆን ዓመቱ ነው።

3. ጥያቄውን አስተካክሉ

ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ቦታዎች ቁጠሯቸው። ከሁለት ከበለጡ ሁለቱን ብቻ ምረጡ። መምረጫው እንዲህ ነው፦ መልሱ ወረቀቱን የሚለውጠው የትኛው ነው? የማጣቀሻ አጻጻፍ ወረቀቱን አይለውጥም። ዲቮሉሽን ነው ወይስ ድብልቅ የሚለው ግን ከተነሳበት ገጽ፣ ለምሳሌ ከገጽ 7 ጀምሮ ያለውን በሙሉ ይለውጣል።

ከዚያ ጥያቄው የእናንተን ውሳኔ ይያዝ። «ዲቮሉሽን ነው ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መምህሩ ሌክቸር መስጠት ሊኖርባቸው ነው። «ዲቮሉሽን ብዬዋለሁ፤ ምክንያቴ ይህ ነው፤ ይበቃል ወይ?» ካላችሁ ግን በአንድ መስመር ይመልሱላችኋል። በስልካቸው፣ ሻይ እየጠጡም ቢሆን።

4. ፋይሉን አዘጋጁ

ይህ ክፍል አጭር ነው። በዎርድ ላይ `Layout` ከዚያ `Line Numbers` ከዚያ `Continuous` የሚለውን ምረጡ። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር ያገኛል። እናንተም «መስመር 142» ትላላችሁ፤ መምህሩም «መስመር 150 ይውጣ» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ሁለት ቅጂ ላኩ። አንዱ ፒዲኤፍ፣ አንዱ ዎርድ። ወረቀቱ በአማርኛ ከሆነና በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ፣ ዎርዱ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ፒዲኤፉ ከዚያ ያድናችኋል። የፋይሉ ስም `final_final2.docx` አይሁን። ስማችሁ፣ ኮርሱና «ረቂቅ» የሚለው ቃል ይኑርበት።

5. ደብዳቤው

በኢሜይል ቢሄድም ቅርጹ የለመድነው ነው፤ ለ፣ ከ፣ ጉዳዩ። ከታች ያለውን እንዳለ አትገልብጡት፤ የራሳችሁን ረቂቅ ቁጥር ካላስገባችሁበት ከመጀመሪያው «ኮሜንት ይስጡኝ» አይሻልም።

ቀን፦ ግንቦት 9

ለ፦ ዶ/ር እገሌ

ከ፦ እገሊት እገሌ፣ የሦስተኛ ዓመት የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ፣ ሴክሽን 2

ጉዳዩ፦ በተርም ፔፐር ረቂቅ ሁለት ነጥቦች ላይ አስተያየት ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

ግንቦት 23 የማስረክበውን የተርም ፔፐሬን ረቂቅ አያይዣለሁ። ርዕሱ «የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደርና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአንድ የአማራ ክልል ወረዳ፣ ከ1990 እስከ 2000 ዓ.ም.» ነው።

መከራከሪያዬ ይህ ነው። ማሻሻያው በጀት የማጽደቅ ሥልጣንን ወደ ወረዳው ምክር ቤት አውርዷል። ነገር ግን አብዛኛው በጀት ለደመወዝ ስለሚውልና እርከኑን ወረዳው ስለማይወስነው፣ ወረዳው በራሱ የሚወስነው ከበጀቱ ጥቂቱን ነው።

ሁለት ቦታ ላይ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

አንደኛው ገጽ 7፣ ከመስመር 142 እስከ 160 ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለወረዳው አስተዳደርም፣ ለላይኛው የትምህርት መዋቅርም ተጠሪ ነው። እኔ ዲቮሉሽን ብዬዋለሁ። ምክንያቴ በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ መሆኑ ነው። ይህ ምክንያት ብቻውን ይበቃል? ወይስ ከዲኮንሰንትሬሽን ጋር የተቀላቀለ ነው ብዬ ልጻፈው?

ሁለተኛው ገጽ 12፣ ሠንጠረዥ 3 ነው። የተማሪዎች ቁጥር ከ1995 በኋላ ጨምሯል፤ ግን ከዚያ በፊትም እየጨመረ ነበር። ስለዚህ «ማሻሻያው ተሳትፎን አሳደገ» የሚለውን አውጥቼ፣ የበጀት ድልድሉ እንዴት እንደተለወጠ ብቻ ለማሳየት አስቤያለሁ። ጥያቄውን እንዲህ ባጠበው ለኮርሱ ይበቃል?

እነዚህን ሁለት ገጾች ብቻ ቢያዩልኝ ይበቃኛል። መጻፍ ካልተመቸዎ በማማከሪያ ሰዓትዎ ቢሮዎ መምጣት እችላለሁ። እስከ ግንቦት 16 ሐሳብዎን ካገኘሁ ለማስተካከል ጊዜ ይኖረኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
እገሊት

አባሪ፦ ረቂቁ በፒዲኤፍና በዎርድ

በዚህ ደብዳቤ ላይ ጥቂት ነገሮችን ልጠቁም። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ሥራውን በልኩ ይናገራል። መምህሩ ገና ሳይከፍቱት ሁለት ነጥብ ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ። ይህ ከየትኛውም «በታላቅ ትህትና» በላይ ያስከፍታል።

መከራከሪያው በሦስት ዓረፍተ ነገር መቀመጡ ለመምህሩ ብቻ አይደለም። በሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ወረቀቱ ገና መከራከሪያ የለውም። ያን ጊዜ የሚላክ ደብዳቤ የለም፤ ወደ ረቂቁ ተመለሱ።

አጠራሩ ላይ ማዕረጉንና የራሳቸውን ስም ተጠቀሙ። ዶክትሬት የሌላቸውን መምህር «ዶክተር» ማለት ማክበር አይደለም፤ «መምህር» ሙሉ ክብር ነው። አንቱታው ደግሞ እስከ መጨረሻው አይናጋ። «ቢያዩልኝ» ብሎ ጀምሮ ታች ላይ «ላክልኝ» የሚል ደብዳቤ አለ። ምናልባት ከጓደኛ መልእክት የተገለበጠ ይሆናል።

ቀኑንም አስተውሉ። «በአስቸኳይ» አይልም። ማስረከቢያውንና መልሱ መቼ እንደሚጠቅም ይናገራል። በመካከሉ ለማስተካከል አንድ ሳምንት ተትቷል። ከዚያ ያነሰ ከቀራችሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ተዉት። በሦስት ቀን የወረቀት ጥያቄ አይጠበብም።

ትምህርታችሁ ከኢትዮጵያ ውጭ ከሆነ፣ ማለትም ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተቀምጣችሁ ስለ ወረዳ የምትጽፉ ከሆነ፣ አንድ አንቀጽ መጨመር አለባችሁ። መምህራችሁ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ የሚለውን ቅደም ተከተል ላያውቁት ይችላሉ። ዞን ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኦሮሚያ ዞኑ የክልሉ የአስተዳደር ቅርንጫፍ ነው፤ የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል ግን እንደ አዊና ዋግ ኽምራ ያሉት የብሔረሰብ አስተዳደሮች ምክር ቤት አላቸው። በቀድሞው ደቡብ ክልልም ዞኖች ምክር ቤት ነበራቸው። ይህን ሳያውቁ ገጽ 7ን ማንበብ አይችሉም። ወረቀታችሁ ደቡብን የሚመለከት ከሆነም ክልሉ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ተከፋፍሎ ዛሬ በቀድሞ ቅርጹ እንደሌለ በአንድ መስመር ንገሯቸው። አለበለዚያ ካርታ ከፍተው ሊፈልጉት ነው።

6. ላኩ፣ ጠብቁ፣ አስታውሱ

መምህሩ ክፍል ውስጥ «ቴሌግራም ላይ ላኩልኝ» ካሉ በቴሌግራም ይሁን። ካላሉ ኢሜይል ነው። ቴሌግራም ላይ «ሰላም ዶክተር» ብሎ ጽፎ መልስ መጠበቅ፣ ከዚያ «እንዴት ነዎት»፣ ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» ማለት ያደክማል። ሰላምታው፣ ጥያቄውና ፋይሉ አንድ ላይ ይሂዱ።

አምስት የሥራ ቀን ጠብቁ። መልስ ከሌለ በዚያው መልእክት ላይ አንድ ማስታወሻ ጨምሩ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ ግንቦት 9 ስለላክሁት ረቂቅ ነው። ጊዜ ካነሰዎ የገጽ 7ን ጥያቄ ብቻ ቢመልሱልኝ ይጠቅመኛል።» ጥያቄውን መቀነሳችሁ መልስ የማግኘት ዕድላችሁን ይጨምራል። አሁንም ዝም ከተባለ በማማከሪያ ሰዓት የታተመውን ገጽ 7 ይዛችሁ ቢሮ ሂዱ። አንድ ገጽ ብቻ ያዙ። ሙሉውን ይዛችሁ ከገባችሁ «አስቀምጠውና ሂድ» ነው የምትባሉት።

7. መልሱን ማንበብ

የመምህር አስተያየት አጭር ነው፤ አንዳንዴም እንቆቅልሽ ይመስላል። በዚህ ርዕስ ላይ ደጋግመው የሚመጡት ሦስት ናቸው።

«ገለጻ ይበዛዋል» ከተባላችሁ፣ ወረቀቱ የማሻሻያውን ታሪክ እየተረከ እንጂ እየተከራከረ አይደለም ማለት ነው። 1987፣ ከዚያ 1994፣ ከዚያ ጥቅል በጀት እያለ ይሄዳል። መፍትሔው ታሪኩን ወደ አንድ ገጽ መጭመቅና የቀረውን ቦታ ለበጀቱ ሠንጠረዥ መስጠት ነው። ከ100 ብር ውስጥ ወረዳው የወሰነው ስንቱ ነው? የእናንተ ወረዳ እውነተኛ ቁጥር ይግባ።

«ጽንሰ ሐሳቡ አልጠራም» ከተባላችሁ የገጽ 7 ጉዳይ ነው። አንድ ቦታ ዲቮሉሽን፣ ሌላ ቦታ ውክልና፣ ሌላ ቦታ ዝም ብሎ «ማውረድ» ብላችኋል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች አንድ ትርጉም ስጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ። የሁለት አለቃውን ነገር ደግሞ አትደብቁት። «በበጀት ማጽደቅ በኩል ዲቮሉሽን፣ በሙያ መመሪያ በኩል ዲኮንሰንትሬሽን» ብሎ በየዘርፉ መለየት ይቻላል። እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው።

«መረጃው አይበቃም» ሲባል ሁለት ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል ይህን አንዱን መልሳችሁ ጠይቁ። ወይ ተጨማሪ ዓመት ወይም ወረዳ ጨምሩ ማለት ነው፤ ወይ ደግሞ ያላችሁ መረጃ ለደረሳችሁበት መደምደሚያ አይበቃም ማለት ነው። በሁለተኛው ትርጉም ከሆነ መረጃ መጨመር አያስፈልግም፤ መደምደሚያውን ዝቅ ማድረግ ነው። «ከአንድ ወረዳ ተነስቼ ስለ ክልሉ አልናገርም» ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል። ወረዳ ለወረዳ ከመዞር ያድናችኋል።

መምህሩ በማትስማሙበት ነገር ላይ ቢጽፉላችሁስ? ለምሳሌ «ይህ ዲቮሉሽን አይደለም» ብለው ብቻ ቢመልሱ? ሐሳባችሁን መጣል የለባችሁም። ወረቀቱ ውስጥ ተቃራኒውን አስተያየት በአንድ አንቀጽ በሐቅ አስቀምጡት፤ ከዚያ ለምን የእናንተን እንደመረጣችሁ ከክልሉ ሕገ መንግሥትና ከበጀት ሰነዱ እየጠቀሳችሁ መልሱለት። ይህን ክርክር ኢሜይል ላይ አታድርጉት። ቦታው ወረቀቱ ነው።

ካስተካከላችሁ በኋላ ሁለት መስመር ጻፉላቸው፦ «ዶክተር፣ ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ። ገጽ 7ን በበጀትና በሙያ መመሪያ ለይቼ ጽፌዋለሁ፤ የሠንጠረዥ 3ንም መደምደሚያ አጥብቤዋለሁ።» አዲስ ጥያቄ አትጨምሩበት። ውጤትንም አታንሱ። ስለ ውጤት የሚጠየቅ ነገር ካለ ውጤቱ ከወጣ በኋላ፣ በሌላ ደብዳቤ፣ በሌላ «ጉዳዩ» ይሁን።